ጥንድ ትራንዚስተር፦ የጎደለው ቮልቴጅ የት ገባ?

ከ12 ቮልት ባትሪ 6 ቮልት ማግኘት ለፈለገ ሰው ቀላሉ ዘዴ ሁለት እኩል ሬዚስተሮችን ተከታታይ አድርጎ ማሰር ነው። ሁለቱም 10 ኪሎ ኦም ይሁኑ። የላይኛው ጫፍ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ፣ የታችኛው ወደ ግራውንድ ይሄዳል። በመልቲሜትር መሃላቸውን ብንለካ 6 ቮልት እናነባለን። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው።

አሁን መሃሉ ላይ 100 ኦም የሆነ ጭነት እንሰር። 6 ቮልት ለ100 ኦም ሲካፈል 60 ሚሊአምፒር ስለሚሆን ያን ያህል ከረንት እንጠብቃለን። መልቲሜትሩ ግን ወደ 0.12 ቮልት ወርዶ ቁጭ ይላል። ምክንያቱን ለማየት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። ለጭነቱ የሚሄደው ከረንት ሁሉ የሚያልፈው በላይኛው 10 ኪሎ ኦም ነው፤ በዚያ ሬዚስተር ላይ ደግሞ ሙሉው 12 ቮልት ቢያርፍ እንኳ ከ1.2 ሚሊአምፒር በላይ አያልፍም። 60 የጠየቅነው 1.2 ብቻ መስጠት የሚችለውን ነው።

ባለሙያዎች ይህን ድካም በአንድ ቁጥር ይገልጹታል፤ ቁጥሩ የመውጫ ሬዚስታንስ ይባላል። ሁለቱ 10 ኪሎ ኦሞች ከጭነቱ በኩል ሲታዩ ጎን ለጎን የታሰሩ ያህል ስለሆኑ የእኛ መከፋፈያ የመውጫ ሬዚስታንስ 5 ኪሎ ኦም ነው። ማለትም ይህ ነገር 6 ቮልት የሆነ ምንጭ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ የማናየው 5 ኪሎ ኦም ተከታታይ ታስሯል። ከረንት በወሰድን ቁጥር ያ የተደበቀ ሬዚስተር የራሱን ድርሻ ይቀንስብናል።

ሬዚስተሮቹን ማሳነስ ይቻላል። ሁለቱንም 100 ኦም ብናደርጋቸው የመውጫ ሬዚስታንሱ ወደ 50 ኦም ይወርዳል። ግን ጭነቱ ሳይታሰር፣ ማንም ሳይጠቀምበት፣ 60 ሚሊአምፒር ከባትሪው ሌት ተቀን ይፈሳል። ጭነቱን ስናስረውም 6 ቮልት አናገኝም፤ 4 ቮልት ነው የምናገኘው። ባትሪውን አቃጥለን ለዚያ ውጤት መድረስ ኪሳራ ነው።

ስለዚህ በመከፋፈያውና በጭነቱ መካከል ባፈር እናስገባለን። የባፈር ሥራ ቮልቴጅ ማሳደግ አይደለም። ከኋላው ካለው ደካማ ምንጭ ጥቂት ከረንት ወስዶ ከፊቱ ላለው ጭነት ብዙ መስጠት ነው፤ ብዙውን ከረንት የሚያመጣው በቀጥታ ከባትሪው ነው።

ከሁሉም ቀላሉ ባፈር ኤሚተር ፎሎወር ነው። አንድ ኤንፒኤን ትራንዚስተር ብቻ ይበቃል፦ ኮሌክተሩ በቀጥታ ወደ 12 ቮልት፣ ቤዙ ወደ መከፋፈያው መሃል፣ ኤሚተሩ ወደ ጭነቱ። አሠራሩ ራሱን በራሱ የሚያርም ነው። ኤሚተሩ ትንሽ ከወረደ በቤዝና በኤሚተር መካከል ያለው ቮልቴጅ ይሰፋል፤ ያኔ ትራንዚስተሩ ይበልጥ ይከፈትና ከረንቱ ጨምሮ ኤሚተሩን መልሶ ያነሳዋል። ከመጠን በላይ ከወጣ ደግሞ ልዩነቱ ይጠብና ትራንዚስተሩ ይዘጋል። ስለዚህ ኤሚተሩ ከቤዙ በታች 0.65 ቮልት ገደማ ርቀት ጠብቆ ቤዙ በሄደበት ይሄዳል።

ቤዙ 6 ቮልት ከሆነ ኤሚተሩ ላይ 5.35 ቮልት መጠበቅ አለብን ማለት ነው። ብዙ ማስተማሪያዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ ተማሪው ሠርቶ ሲለካ ግን ሌላ ቁጥር ያያል። የትራንዚስተሩ ቤታ፣ ማለትም የቤዝ ከረንትን የሚያባዛበት ቁጥር፣ 100 ከሆነ በ100 ኦሙ ጭነት ላይ የሚለካው 3.58 ቮልት ነው። ከ5.35 እስከ 3.58 ያለው 1.77 ቮልት የት ገባ?

መልሱን ለማግኘት የመልቲሜትሩን ጫፍ ከኤሚተሩ አንስተን ቤዙ ላይ ማድረግ ነው። እዚያ 6 ቮልት የለም፤ 4.23 ቮልት ነው ያለው። ትራንዚስተሩ ለጭነቱ 35.8 ሚሊአምፒር ሲሰጥ ከዚያ ላይ ከመቶ አንዱን፣ ማለትም 0.354 ሚሊአምፒር፣ በቤዙ በኩል ከመከፋፈያው ይጠይቃል። ያ ጥቂት የሚመስል ከረንት በተደበቀው 5 ኪሎ ኦም ውስጥ ሲያልፍ 1.77 ቮልት ይጥላል። ኤሚተሩ ጥፋት የለበትም፤ ከቤዙ 0.65 ቮልት ዝቅ ብሎ በታማኝነት ይከተላል። የወደቀው ራሱ ቤዙ ነው።

ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት ይህን ልዩነት ለማሳየት ነው። ኤሚተር ፎሎወር ላይ የሚታየው የቮልቴጅ ጉድለት አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ቋሚ ነው፤ ጭነቱ ትንሽም ይሁን ትልቅ 0.65 ቮልት ገደማ ይወስዳል። ሁለተኛው ከጭነቱ ጋር የሚያድግ ነው፤ የሚመጣውም ከመውጫ ሬዚስታንስ ነው። ሕክምናቸው የተለያየ ስለሆነ የትኛው እንደያዘን ሳናውቅ ዕቃ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ሁለተኛውን ጉድለት የምታሰላው ቀመር አጭር ናት፦

```
Rout ≈ re + Rs / (β + 1)
re   ≈ 25 mV / Ie
```

Rs ከኋላ ያለው ምንጭ ሬዚስታንስ ነው፤ በእኛ ምሳሌ 5 ኪሎ ኦም። ትራንዚስተሩ ከፊት ለሚያየው ሰው በመቶ አንድ አካፍሎ 49.5 ኦም ያስመስለዋል። re የትራንዚስተሩ የራሱ ውስጣዊ ሬዚስታንስ ነው፤ ከረንቱ ሲጨምር እየቀነሰ ይሄዳል፤ በ36 ሚሊአምፒር 0.7 ኦም ብቻ ነው። ድምሩ 50 ኦም ገደማ። ሁለት 100 ኦም ሬዚስተሮች የሚሰጡት ይህንኑ ነበር፤ አሁን ግን ጭነት በሌለበት የሚባክነው 0.6 ሚሊአምፒር ብቻ ነው።

ቀመሩን ማመን የማይፈልግ ሰው በሁለት ጭነት መለካት ይችላል። በ100 ኦም 3.58 ቮልትና 35.8 ሚሊአምፒር አለን። 200 ኦም ስናስር 4.29 ቮልትና 21.4 ሚሊአምፒር ይሆናል። የቮልቴጁ ልዩነት 0.71 ቮልት፣ የከረንቱ ልዩነት 14.4 ሚሊአምፒር፤ ሲካፈል ወደ 49 ኦም ይመጣል። ይህ አለካክ ለማንኛውም ምንጭ ይሠራል፤ ቋሚው ጉድለት በሁለቱም ልኬት ውስጥ እኩል ስለሚገኝ በመቀነሱ ይጠፋል፤ የሚቀረው የመውጫ ሬዚስታንሱ ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ችግርም አለ። ቤታ የሚታመን ቁጥር አይደለም። ከአንድ ከረጢት የወጡ ሁለት ትራንዚስተሮች አንዱ 100፣ ሌላው 200 ሊኖረው ይችላል። ባለ 200ው ቢገባ ውጤቱ ከ3.58 ወደ 4.28 ቮልት ይዘላል። ትራንዚስተር በተቀየረ ቁጥር ውጤቱ የሚለዋወጥ መሣሪያ ለደንበኛ አይሰጥም።

እንግዲህ ቤታው ትልቅ የሆነ ትራንዚስተር ያስፈልገናል። በ1952 በአሜሪካ የቤል ላብስ መሐንዲስ የነበረው ሲድኒ ዳርሊንግተን ለፓተንት ያመለከተበት ሐሳብ ይህን ይመልሳል፤ ፓተንቱም በ1953 መጨረሻ ተሰጠው። ሐሳቡ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ኤሚተር ከሁለተኛው ቤዝ ጋር ማሰር፣ ኮሌክተሮቻቸውን ማገናኘትና ሁለቱን በአንድ አካል ውስጥ እንደ አንድ ትራንዚስተር መጠቀም ነው። የመጀመሪያው ያባዛውን ሁለተኛው መልሶ ያባዛዋል። ሁለቱም ቤታቸው 100 ቢሆን አንድ ላይ 10,000 ገደማ ይሆናሉ።

በእኛ ሰርኪት ላይ እንተካው። መከፋፈያው አሁን የሚጠየቀው 0.005 ሚሊአምፒር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ቤዙ 6 ቮልት ላይ ረግቶ ይቀመጣል። የ5 ኪሎ ኦሙ ጥላ ከፊት ሲታይ 0.5 ኦም ብቻ ነው። ቤታዎቹ ከ100 ወደ 200 ቢቀየሩ ውጤቱ የሚነሳው በ20 ሚሊቮልት እንኳ አይደለም። በ100 ኦሙ ጭነት ላይ ስንለካ 4.68 ቮልት እናገኛለን።

ጥሩ ነው፤ ግን 5.35 አይደለም። ምክንያቱም ቋሚው ጉድለት በእጥፍ አድጓል። ከመግቢያው ቤዝ እስከ መውጫው ኤሚተር ድረስ ሁለት የቤዝ-ኤሚተር መገናኛዎች ተከታትለው ስለቆሙ 0.65 ሲደመር 0.65፣ 1.3 ቮልት ይሄዳል። ዳርሊንግተን ከጭነት ጋር የሚያድገውን ጉድለት ሊያጠፋው ተቃርቧል፤ ዋጋው ቋሚውን ማባባስ ነው። ጭነቱ ቀላል በሆነበት ቦታ፣ ለምሳሌ 10 ኪሎ ኦም፣ አንዱ ትራንዚስተር ብቻውን ከጥንዱ የተሻለ ቮልቴጅ ይሰጣል። ጥንድ ሁልጊዜ ይበልጣል የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የጥንዱን የመውጫ ሬዚስታንስ በሁለት ጭነት ብንለካ ደግሞ ከ0.5 ኦም ይልቅ ወደ 2 ኦም የሚጠጋ ቁጥር ይወጣል። ትርፉ የመጣው ከትራንዚስተሮቹ re ነው። ሁለተኛው ትራንዚስተር 47 ሚሊአምፒር ስለሚሸከም የእሱ re 0.53 ኦም ነው። የመጀመሪያው የሚሸከመው የዚያን አንድ መቶኛ ስለሆነ የእሱ re 53 ኦም ነው፤ ከመውጫው ሲታይ ግን በሁለተኛው ቤታ ለ100 ተካፍሎ እንደገና 0.53 ኦም ይሆናል። በዚህም የተነሳ ዳርሊንግተን ከምንጩ ድርሻ ሌላ የአንድን ትራንዚስተር re እጥፍ ይዞ ይዞራል። ከረንቱ ሲያንስ re ስለሚያድግ በ200 ኦም ጭነት ያለው ክፍል ልኬቱን ትንሽ ወደ ላይ ይጎትተዋል።

ቋሚውን ጉድለት መካስ ይቻላል። ከመከፋፈያው የታችኛው ሬዚስተር ሥር ሁለት ዳዮዶች ብናስገባና ሬዚስተሮቹን ብናስተካክል ቤዙ ወደ 7.3 ቮልት ሊነሳ፣ መውጫውም ወደ 6 ሊጠጋ ይችላል። በወረቀት ላይ ያለቀ ይመስላል። ሠርተን ካበራን በኋላ ግን ዓይናችንን ከመልቲሜትሩ ሳናነሳ ጥቂት ደቂቃ እንጠብቅ። ዳዮድ ባላስገባንበት በመጀመሪያው ሰርኪት እንኳ 4.68 የነበረው 4.70 ይላል፣ 4.75 ይላል፣ ወደ 4.8 አልፎ ይረጋጋል። ማንም ምንም አልነካም።

ይህ የሙቀት ሥራ ነው። ሁለተኛው ትራንዚስተር ላይ 7.3 ቮልት ያህል ተንጠልጥሎ 47 ሚሊአምፒር ያልፍበታል፤ አንድ ላይ 0.34 ዋት ነው። ትንሿ ባለ ሦስት እግር የፕላስቲክ ትራንዚስተር ለእያንዳንዱ ዋት ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለምትሞቅ የውስጧ ሙቀት ከክፍሉ በ70 ዲግሪ ገደማ ይበልጣል። ጣት ቢያስቀምጡባት ታቃጥላለች። የቤዝ-ኤሚተር ቮልቴጅ በእያንዳንዱ ዲግሪ 2 ሚሊቮልት ያህል ስለሚቀንስ ከ0.13 እስከ 0.14 ቮልት ወደ መውጫው ይጨመራል። ርቀው የተቀመጡት ዳዮዶች ይህን ሙቀት አያዩትም፤ ስለዚህ ሊክሱት አይችሉም። ይህ መንሸራተት ትራንዚስተሩ እየተበላሸ መሆኑን አያሳይም፤ ትልቅ አካል ያለው ትራንዚስተር ወይም የሙቀት ማስወገጃ ብረት ሲገባ ያንሳል።

ሌላው መንገድ ጥንዱን በተለየ አቀማመጥ ማሰር ነው። ይህን አሠራር ያስተዋወቀው ሃንጋሪ የተወለደውና በአሜሪካ በአርሲኤ ኩባንያ የሠራው ጆርጅ ሲክላይ ስለሆነ የሲክላይ ጥንድ ይባላል። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ኤንፒኤን፣ ሁለተኛው ፒኤንፒ ነው። የኤንፒኤኑ ኮሌክተር ወደ ባትሪው በቀጥታ አይሄድም፤ የፒኤንፒውን ቤዝ ይጎትታል። የፒኤንፒው ኤሚተር 12 ቮልቱን ይይዛል፤ ኮሌክተሩ ደግሞ ወርዶ ከኤንፒኤኑ ኤሚተር ጋር ይገናኛል። ያ መገናኛ መውጫው ነው።

እንዴት እንደሚሠራ ከመውጫው ተነስተን እንከተለው። መውጫው ሲወርድ ኤንፒኤኑ ይበልጥ ይከፈታል፤ በኮሌክተሩ በኩል ከፒኤንፒው ቤዝ ትንሽ ከረንት ይስባል፤ ፒኤንፒው ያንን መቶ ጊዜ አባዝቶ ወደ መውጫው ያፈሳል። ከመግቢያ እስከ መውጫ የሚሻገሩት መገናኛ ግን የኤንፒኤኑ ቤዝ-ኤሚተር ብቻ ነው። ስለዚህ ቋሚው ጉድለት 0.65 ቮልት ላይ ይቀራል፤ የከረንት ብዜቱ ግን እንደ ዳርሊንግተን 10,000 ገደማ ነው። በእኛ ጭነት ላይ 5.32 ቮልት ይለካል። የመውጫ ሬዚስታንሱም የእጥፍ re ዕዳ የለበትም፤ ከ0.5 ኦሙ ላይ ግማሽ ኦም ገደማ ብቻ ስለሚጨመር 1 ኦም አካባቢ ነው።

ሙቀቱም በዚያው ይፈታል። የሚጋለው ፒኤንፒው ነው፤ የእሱ ቤዝ-ኤሚተር ቮልቴጅ ደግሞ ከመግቢያ ወደ መውጫ በሚሄደው መንገድ ላይ የለም። ኤንፒኤኑ የሚሸከመው ግማሽ ሚሊአምፒር ብቻ ስለሆነ ቀዝቃዛ ነው። መውጫው እንዳይንሸራተት ከተፈለገ ግን ሁለቱን በአንድ የሙቀት ማስወገጃ ብረት ላይ ማሰር አይገባም፤ የጋለው ቀዝቃዛውን ካሞቀው ጥቅሙ ይጠፋል።

ሁለቱም ጥንዶች የሚጋሩት አንድ ሬዚስተር አለ፤ ብዙ ሰው ሳያስገባው ያልፋል። በሁለተኛው ትራንዚስተር ቤዝና ኤሚተር መካከል 1 ኪሎ ኦም የመሰለ ነገር መኖር አለበት። የመጀመሪያው ትራንዚስተር ሲዘጋ በሁለተኛው ቤዝ የተከማቸው ቻርጅ መውጫ መንገድ ስለሌለው ትራንዚስተሩ ዘግይቶ ነው የሚዘጋው። የመጀመሪያው ሲሞቅ የሚያሾልከው ጥቂት ከረንትም በሁለተኛው ተባዝቶ መውጫው ላይ ይታያል። ሬዚስተሩ ለሁለቱም በር ይከፍታል፤ መጀመሪያው ትራንዚስተር ላይ ከረንት ስለሚጨምርም re ቀንሶ የመውጫ ሬዚስታንሱ ትንሽ ይሻላል።

ገበያ ላይ የሚገኘው ቲፕ 122 የተባለው ዳርሊንግተን እነዚህን ሬዚስተሮች በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ትራንዚስተር ላይ 8 ኪሎ ኦም፣ በሁለተኛው ላይ 120 ኦም ገደማ። ይህ ጥገና ላይ ያሳስታል። መልቲሜትሩን ወደ ዳዮድ መለኪያ አድርጎ ከቤዝ ወደ ኤሚተር የለካ ሰው ዳርሊንግተን ስለሆነ 1.3 ቮልት ይጠብቃል፤ የሚያነበው ግን ወደ 0.7 የሚጠጋ ነው። መልቲሜትሩ የሚሰጠው 1 ሚሊአምፒር ያህል ሲሆን ያ ከረንት በ120 ኦሙ ላይ 0.12 ቮልት ብቻ ስለሚጥል ሁለተኛው ትራንዚስተር ጭራሽ አልተከፈተም። ዕቃው ጤነኛ ነው፤ መልቲሜትሩ ሊያነቃው አቅም አጥቶ ነው።

የሲክላይ ጥንድ የራሱ አመል አለው፦ መወዛወዝ። ሁለቱ ትራንዚስተሮች አንዱ ሌላውን የሚያርም ዝግ ዑደት ሠርተዋል፤ እያንዳንዱም ጥቂት መዘግየት ያመጣል። መውጫው ላይ ረጅም ኬብል ወይም ካፓሲተር ሲጨመር መዘግየቱ በዝቶ እርማቱ ጊዜው ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ ሰርኪቱ በሜጋኸርትዝ ፍጥነት ራሱን ማወዛወዝ ይጀምራል። ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው ወዲያው ያየዋል። የሌለው ደግሞ በምልክት ያውቀዋል። ጭነት ሳይኖር ፒኤንፒው ይሞቃል፤ እጅን ወደ ሽቦው ሲያስጠጉ የመልቲሜትሩ ንባብ ይቀየራል፤ አጠገቡ የተከፈተ የኤኤም ሬድዮ ያፏጫል ወይም ያንሾካሹካል።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ከትራንዚስተሮቹ አጠገብ በ12 ቮልቱና በግራውንዱ መካከል 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይበየዳል፤ የባትሪ ሽቦው ረጅም ከሆነ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻውን ይበቃል። ካልሆነ በኤንፒኤኑ ቤዝና ኮሌክተር መካከል 100 ፒኮፋራድ ይጨመራል፤ ዑደቱን ያዘገየዋል፣ ለእኛ ዓይነት የማይለዋወጥ ቮልቴጅ ግን ጉዳት የለውም። በመውጫውና በኬብሉ መካከል 10 ኦም ማስገባትም ወዲያውኑ ያረጋጋል፤ ብዙዎች የሚቸኩሉት ወደዚህ ነው። ግን ያ 10 ኦም ራሱ የመውጫ ሬዚስታንስ ነው። 5.32 የነበረው 4.84 ቮልት ይሆናል፤ ዳርሊንግተን ከሚሰጠው 4.68 ብዙም አይርቅም።